እያንዳንዱ ብር መነሻው የት ነው? በአነስተኛ የገንዘብ ክርክርና በአስማሚ ፊት የሚቀርብ የፍሬ ነገር መግለጫ አዘገጃጀት



የዛሬውን ንግግር የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው። በ2004 ዓ.ም. በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ተማሪዎችን እቆጣጠር በነበረበት ጊዜ፣ ደመወዟን የተከለከለች አንዲት የቤት ሠራተኛ ወደ እኛ መጣች። የወር ደመወዟ 600 ብር ነበር። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ሰኔ መጨረሻ እንዳልተከፈላት ነገረችን፤ እኛም በአቤቱታው ላይ ይህንኑ ጻፍን። ገንዘቡን ስናሰላ ግን ሰኔ ዐሥረኛ ወር ነው፣ ጥቅምት ሁለተኛ ነው፣ ከዐሥር ሁለት ሲቀነስ ስምንት ይቀራል ብለን 4,800 ብር እንዲከፈላት ጠየቅን። ጥቅምትንም ሰኔንም ጨምሮ በጣቱ የሚቆጥር ሰው ዘጠኝ ወር ያገኛል። ጽሑፉን አይቼ ያሳለፍሁት እኔ ነበርሁ።

ፍርድ ቤቱ የጠየቅነውን ሁሉ ፈረደልን። ያልጠየቅነውን 600 ብር ግን ሊፈርድልን አይችልም፤ ዳኛ ከተጠየቀው ዳኝነት አልፎ አይሰጥምና። ስሕተቱን ያየነው ፍርዱ ከተነበበ በኋላ ስለ ነበር አቤቱታውን ለማሻሻል ጊዜው አልፏል። ለቀሪው ወር አዲስ ክስ ማቅረብም አልተቻለም፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በቁጥር 216 ከአንድ የክስ ምክንያት የሚመነጨው ጥያቄ በሙሉ በአንድ ክስ እንዲጠቃለል ያዛልና። ያች ሴት የአንድ ወር ድካሟን ያጣችው አሠሪዋ ስለ ካደ ሳይሆን እኛ ስላልቆጠርን ነው።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ መግለጫ አላሳልፍም። ጥያቄው ይህ ነው፦ በመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ድምር እያንዳንዱ ብር ከየትኛው ተራ ቁጥር የመነጨ ነው? የዛሬው ንግግሬ ይህንኑ ጥያቄ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያፍታታ ነው።

ሕጉ የሚፈልገው ምንድን ነው?

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ስለ አጻጻፍ ከምናስበው በላይ ግልጽ ነው። በቁጥር 80 አቤቱታ ተከራካሪው የሚመካባቸውን ፍሬ ነገሮች በአጭሩ እንዲይዝ ይደነግጋል። በቁጥር 222 የተከራካሪዎቹን ማንነትና አድራሻ፣ የክሱ ምክንያት ምን እንደ ሆነ፣ መቼና የት እንደ ተፈጠረ፣ ተከሳሹ ስለ ምን ተጠያቂ እንደሚሆን፣ የሚጠየቀውም ዳኝነት ምን እንደ ሆነ እንዲገለጽ ይጠይቃል። የሚጠየቀው ገንዘብ ከሆነ ደግሞ በቁጥር 226 መሠረት መጠኑ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ቁጥር 83 ነው። ተከሳሹ የከሳሹን ፍሬ ነገር በግልጽ ለይቶ ካልካደ እንዳመነ ይቆጠራል። ይህ ድንጋጌ በከሳሹም አጻጻፍ ላይ ትልቅ ውጤት አለው። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አራት ነገሮችን ደራርቤ ብጽፍ፣ ተከሳሹ «የተባለው ሁሉ ሐሰት ነው» ብሎ ሊያልፈኝ ይችላል፤ የትኛውን እንደ ካደ አይታወቅም። በአንድ ተራ ቁጥር አንድ ፍሬ ነገር ብቻ ካስቀመጥሁ ግን በእያንዳንዱ ላይ «አዎ» ወይም «አይደለም» ማለት ይገደዳል። በባንክ የገባለትን ገንዘብ «አልተቀበልሁም» ለማለት ይቸገራል። ስለዚህ ከችሎቱ ቀን በፊት የክርክሩ ግማሽ ይቃለላል።

አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ሲሟገቱ የቃል ውበትና የምላስ ፍጥነት ይረታ ነበር። በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው የሚጽፉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ዛሬም የዚያን ሙግት ቃና ወደ ወረቀት ያመጡታል፤ «እግዚአብሔርን የማይፈራ»፣ «የድኻ እንባ የማይገደው» የሚሉ ሐረጋት ይበዛሉ። እነዚህ ሐረጋት «አዎ» ወይም «አይደለም» ሊባልባቸው ስለማይችል በቁጥር 83 ፊት ክብደት የላቸውም።

ጉዳዩ

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንግባ። ለማስተማር እንዲመች ከብዙ ጉዳዮች አሰባስቤ ያሰናዳሁት ስለሆነ ባለቤት የለውም፤ በማዕከላችን ደጃፍ ግን በየሳምንቱ የሚመስሉት ይመጣሉ።

አንዲት ወይዘሮ ከአንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ቁም ሳጥን አዘዘች። ዋጋውን ተስማሙ፤ ገንዘብ በቅድሚያ ከፈለች። ባለሙያው በቀጠሮው አላደረሰም። ቀኑን ደጋግሞ ከለወጠ በኋላ የጣውላ ዋጋ ጨምሯል ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ። እርሷም ሰልችቷት ከሌላ ቦታ ገዛች። ወደ እኛ ስትመጣ በእጇ አራት ገጽ አቤቱታ ይዛለች። መጨረሻው ላይ «ለደረሰብኝ ኪሣራና እንግልት፣ ለሞራል ካሣም ጭምር 100,000 ብር እንዲከፍለኝ» ይላል። የተከፈለው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ የሚታወቀው ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደረስ ነው።

መጀመሪያ የምናደርገው አራቱን ገጽ ወደ ጎን ትቶ ቀናትን መዘርዘር ነው። ወይዘሮዋ እንድታስታውስ ከመጠየቃችን በፊት የስልኳን መልእክቶችና የባንክ ደረሰኟን እናያለን፤ ማስታወስ ይሳሳታል፣ መልእክት ግን ቀን አለው። በዚህ መንገድ «ጥቅምት መጨረሻ ላይ» ያለችው ቀጠሮ ባለሙያው በላከው መልእክት ጥቅምት 20 ሆኖ ተገኘ። በዐሥር ቀን ብትሳሳት ተከሳሹ «ይህን ቀን ተስማምቼ አላውቅም» ብሎ በእውነት ሊክድ ይችል ነበር። በአንዱ ቀን የተሳሳተ ሰው ደግሞ በሌላውም መጠርጠሩ አይቀርም።

የስም ጉዳይ፦ ቀብድ ወይስ ቅድሚያ ክፍያ?

ቀጥሎ ያለው ችግር አንዲት ቃል ናት። ወይዘሮዋ በአቤቱታዋ የከፈለችውን 20,000 ብር «ቀብድ» ብላዋለች። በገበያ ቋንቋ ቀብድ ማለት ከዋጋው ላይ አስቀድሞ የሚሰጥ ማናቸውም ገንዘብ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ቀብድ የራሱ ውጤት አለው። በቁጥር 1883 የውል መኖር ማስረጃ ነው። በቁጥር 1885 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል፤ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ሊያፈርስ ይችላል።

ስለዚህ «ቀብድ» ብላ ብትጽፍ 40,000 ብር የመጠየቅ በር ይከፈትላታል። «ቅድሚያ ክፍያ» ብላ ብትጽፍ የከፈለችውን 20,000 ብርና ውሉ ባለመፈጸሙ የደረሰባትን ኪሣራ ትጠይቃለች። ሁለቱን መንገዶች ደምሮ እጥፉንም ኪሣራውንም መጠየቅ ግን አያስኬድም፤ እጥፉ ውሉን የማፍረሻ ዋጋ ነውና።

ማስረጃውን እንይ። ባለሙያው በመልእክቱ «ቀብዱ ደርሶኛል» ብሏል። ወይዘሮዋ ራሷ በባንክ ቅጽ ላይ የሞላችው ምክንያት ግን «የቁም ሳጥን ቅድሚያ ክፍያ» ይላል። የእርሷ ጽሑፍ ለባለሙያው ይናገራል ማለት ነው። እጥፉን ከጠየቀች ባለሙያው «ገንዘቡ ጣውላ መግዣ ነበር፣ ራሷም እንዲሁ ጽፋለች» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ችሎቱ ስለ ቁም ሳጥኑ መሆኑ ቀርቶ ስለ አንዲት ቃል ትርጉም ይሆናል።

ባልደረቦቼ እዚህ ላይ ሊከራከሩኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። እጥፉን በዋናነት፣ ኪሣራውን በአማራጭ ማቅረብ በሥነ ሥርዓት የተፈቀደ ነው፤ ጠበቃ በያዘው ትልቅ ክርክር እኔም እንዲህ አደርግ ይሆናል። ያለ ጠበቃ ራሷ ቆማ ለምትከራከር፣ ዳኛውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሊሰጣት ለሚችል ባለጉዳይ ግን አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ይሻላል እላለሁ። ስለዚህ በሰነዶቿ ላይ ጸንቶ የሚቆመውን፣ ማለትም ቅድሚያ ክፍያውን መረጥን። ምርጫው የምታገኘውን ሊቀንስ እንደሚችል ነገርናት፤ ወሰነችውም እርሷ ናት።

ስም ለፍሬ ነገር የሚሰጠው እንዲህ ተጠንቅቆ ነው። ሌላ ምሳሌ ልጨምር፦ ብዙ ሰዎች ለሌላው የሰጡትን ማናቸውንም ገንዘብ «አበደርሁት» ብለው ይጽፋሉ። ብድር ከተባለና ከ500 ብር ከበለጠ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም፤ ምስክር አይበቃም። ለዕቃ መግዣ የሰጠውን ገንዘብ በግድየለሽነት ብድር ያለ ሰው ምስክሮቹን በገዛ እጁ ከደጅ አስቀራቸው ማለት ነው።

ገንዘቡ

አሁን 100,000 ብሩን እንፈትሸው። ወይዘሮዋን በየመደቡ ጠየቅናት፦ ይህ ገንዘብ ከእጅሽ የወጣው መቼ ነው? ለማን? በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው 20,000 ብር ነው። የባንክ ደረሰኝ አለው። ያለ ችግር ይቆማል።

ሁለተኛው የዋጋ ልዩነት ነው። የተስማሙበት ዋጋ 42,000 ብር ነበር፤ ከሌላ ቦታ የገዛችበት ደረሰኝ 47,000 ብር ይላል። ልዩነቱ 5,000 ብር ይመስላል። ደረሰኙን ጠጋ ብለን ስናየው ግን ከ47,000 ብሩ ውስጥ 2,000 ብሩ የመስተዋት ዋጋ ነው። የመጀመሪያው ቁም ሳጥን መስተዋት አልነበረውም። የሚነጻጸረው ዋጋ 45,000 ብር፣ ልዩነቱም 3,000 ብር ነው። ይህን 2,000 ብር እኛው ራሳችን ቀነስነው። ብንተወው ተከሳሹ ይቀንሰዋል፤ ሲቀንሰውም ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የቀሪውን ስሌት ተአማኒነት ጭምር ይዞት ይሄዳል። ከዚህም በላይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1802 ተበዳዩ ኪሣራውን ለመቀነስ የሚቻለውን እንዲያደርግ ይጠብቅበታል፤ የተሻለ ዕቃ ገዝቶ ልዩነቱን በተከሳሹ ላይ መጣል ከዚህ ጋር አይሄድም።

ሦስተኛው 1,500 ብር ነው። ባለሙያው «ነገ ይደርሳል፣ መኪና ይዘሽ ነይ» ብሏት አይሱዙ ተከራይታ ሄዳ መኪናው ባዶ ተመልሷል። አሽከርካሪው ደረሰኝ አልሰጣትም። ደረሰኝ የለም ተብሎ ግን አይተውም፤ አሽከርካሪው ምስክር ይሆናል። የመጣበትን መልእክትም ባለሙያው ራሱ ጽፎታል። ወይዘሮዋ ትንሽ ነው ብላ ልትተወው ነበር። ቁጥር 216ን አስታወስናት፤ ዛሬ የተተወው ነገ አይጠየቅም።

አራተኛው ወለድ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1751 ሌላ ስምምነት ከሌለ ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በቁጥር 1803 መሠረት ደግሞ ገንዘብ ከፋዩ ወለድ የሚታሰብበት ማስጠንቀቂያ ደርሶት ከዘገየ ጊዜ ጀምሮ ነው። ማስጠንቀቂያ ያልሰጠ ሰው ወለዱን የሚያስነሣበት ቀን ያጣል። ወይዘሮዋ ታኅሣሥ 1 ቀን በሪኮማንዴ በላከችው ደብዳቤ እስከ ታኅሣሥ 15 እንዲያስረክብ፣ አለበለዚያ ዕቃውን እንደማትቀበልና ገንዘቧን እንዲመልስ ጽፋለች። በማስጠንቀቂያው ውስጥ እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ ማድረግን ቁጥር 1774 ይፈቅዳል። ስለዚህ ከታኅሣሥ 16 ጀምሮ እንቆጥራለን። ክሱ ሚያዝያ 16 የሚቀርብ በመሆኑ እስከ ሚያዝያ 15 ያለውን እንቁጠር፦ ከታኅሣሥ 15 ቀን፣ ከጥር፣ ከየካቲትና ከመጋቢት 90 ቀን፣ ከሚያዝያ 15 ቀን፣ በጠቅላላው 120 ቀን። የ20,000 ብር የዓመት ወለድ 1,800 ብር ነው። ይህ በ120 ተባዝቶ ለ365 ሲካፈል 591 ብር ከ78 ሳንቲም ይሆናል። በወር አስቦ 600 ብር የሚል ሰው ጳጉሜን ረስቷል። ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ሆኖም ስሌቱ እንዴት እንደ ተገኘ በጽሑፉ ላይ ከታየ ማንም አይከራከርበትም።

ቀሪው የሞራል ካሣ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2105 ሕሊናዊ ጉዳት በገንዘብ የሚካሰው ሕጉ በግልጽ በፈቀደበት ሁኔታ ነው፤ የቁም ሳጥን መዘግየት ከዚያ አይገባም። የዳኝነት ክፍያም በተጠየቀው ገንዘብ መጠን የሚጨምር ስለሆነ የማይፈረድን ገንዘብ መጠየቅ ወጪ አለው። እንግልቷን ሰማናት፤ በጽሑፉ ግን አላስገባነውም።

መግለጫው

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተገኘው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የተከራካሪዎቹ ስምና አድራሻ ከላይ ከተቀመጠ በኋላ እንዲህ ይነበባል፦

1. ከሳሽና ተከሳሽ መስከረም 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተከሳሽ የእንጨት ሥራ ቤት ተገናኝተው፣ ተከሳሽ አንድ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን በ42,000 ብር ሠርቶ እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊያስረክብ ተስማምተዋል።
2. ከሳሽ በዚያው ዕለት 20,000 ብር ቅድሚያ ክፍያ በተከሳሽ የባንክ ሒሳብ አስገብታለች።
3. ተከሳሽ ጥቅምት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አላስረከበም።
4. ተከሳሽ ኅዳር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ዕቃው በማግሥቱ እንደሚደርስና ከሳሽ መኪና ይዛ እንድትመጣ በስልክ የጽሑፍ መልእክት አስታውቋል።
5. ከሳሽ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በ1,500 ብር የጭነት መኪና ተከራይታ ሄዳለች።
6. በዚያ ቀን ዕቃው ተሠርቶ ስላላለቀ መኪናው ባዶውን ተመልሷል።
7. ተከሳሽ ኅዳር 18 ቀን 2016 ዓ.ም. 52,000 ብር ካልተከፈለው እንደማይሠራ በጽሑፍ መልእክት አስታውቋል።
8. ከሳሽ ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በሪኮማንዴ በላከችው ደብዳቤ ተከሳሽ እስከ ታኅሣሥ 15 ቀን በተስማሙበት ዋጋ እንዲያስረክብ፣ ካላስረከበ ዕቃውን እንደማትቀበልና 20,000 ብሩን እንዲመልስ አስጠንቅቃለች።
9. ተከሳሽ ዕቃውን አላስረከበም፤ ገንዘቡንም አልመለሰም።
10. ከሳሽ ታኅሣሥ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመሳሳይ ቁም ሳጥን ከሌላ ሥራ ቤት ገዝታለች፤ ከደረሰኙ 47,000 ብር ላይ የመስተዋቱ 2,000 ብር ሲቀነስ ዋጋው 45,000 ብር ነው።

የሚጠየቀው ዳኝነት፦ ቅድሚያ ክፍያ 20,000 ብር (ተራ ቁጥር 2 እና 9)፤ የዋጋ ልዩነት 3,000 ብር (ተራ ቁጥር 1 እና 10)፤ የጭነት ኪራይ 1,500 ብር (ተራ ቁጥር 4፣ 5 እና 6)፤ በ20,000 ብር ላይ ከታኅሣሥ 16 እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ120 ቀን በ9 በመቶ የታሰበ ወለድ 591 ብር ከ78 ሳንቲም (ተራ ቁጥር 8 እና 9)። ድምር 25,091 ብር ከ78 ሳንቲም። እንዲሁም ከሚያዝያ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍሎ እስከሚያልቅ በ20,000 ብር ላይ የሚታሰብ ሕጋዊ ወለድ።

በመጨረሻም በቁጥር 92 መሠረት የቀረበው እውነት መሆኑ ተረጋግጦ ይፈረማል። ይህ ማረጋገጫ የልማድ ጌጥ አይደለም፤ ከላይ የተጻፈ እያንዳንዱ ቀን በፈራሚዋ ኃላፊነት ላይ ነው።

ከየመደቡ ጎን የተጻፉትን ተራ ቁጥሮች አስተውሉ። ሕጉ አያስገድዳቸውም። ዳኛው ግን 3,000 ብር ከየት መጣ ብሎ ሳይጠይቅ ራሱ ተመልሶ ያገኘዋል። በ2004 ዓ.ም. እንዲህ አድርገን ቢሆን ኖሮ «ከጥቅምት እስከ ሰኔ» እና «ስምንት ወር» ጎን ለጎን ተቀምጠው ስሕተቱ ራሱ ይጮኽ ነበር።

ማስረጃው

ፍሬ ነገሩ ውስጥ ማስረጃውን አንተርክም፤ በቁጥር 223 መሠረት በተለየ ዝርዝር እናያይዛለን። የሰነድ ዝርዝሩ ዋናው ቅጂ የት እንዳለ ይገልጻል፤ የምስክር ዝርዝሩ ስም፣ አድራሻና የሚመሰክሩበትን ነገር ይገልጻል። አሽከርካሪው የሚመሰክረው ኪራዩን መቀበሉንና ባዶውን መመለሱን ነው፤ ስለ ውሉ ግን አያውቅም፤ ስለዚህ ለተራ ቁጥር 5 እና 6 ብቻ ይጠራል። የስልክ መልእክቶቹ ታትመው ሲቀርቡ የላኪው ቁጥርና ቀኑ መታየት አለበት። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ጠቃሚዋን መስመር ብቻ ቆርጠው ያትማሉ፤ ተከሳሹ ከላይና ከታች የነበረውን ሲያመጣ የተቆረጠው ሁሉ ይጠረጠራል።

ተከሳሹ ሊያነሣው የሚችለውንም አስቀድመን እንፈትሻለን። ባለሙያው «ንድፉን ራሷ ቀይራ አዘገየችኝ» ይላል እንበል። ወይዘሮዋን ስንጠይቃት ጥቅምት 5 ቀን የመሳቢያ ቁጥር እንዲጨመር መጠየቋን አመነች፤ ባለሙያውም «ችግር የለም፣ በቀኑ ይደርሳል» ብሎ መልሷል። ይህ መልእክት ከሰነዶቹ ጋር ይያያዛል። ባለጉዳይ የሚደብቀው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቅመውን መልስ በጉያው ይዞ ነው።

በአስማሚ ፊት ሲሆን

በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነት በሕግ ከተደነገገ ወዲህ እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ወደ አስማሚ ማዕከል የሚመሩበት መንገድ ተከፍቷል። እዚያ ማንም አይፈርድም፤ አስማሚው ሁለቱን ወገኖች ወደ ስምምነት ያቀርባል። ታዲያ ያው ጽሑፍ ይበቃል ወይ?

ፍሬ ነገሩና ስሌቱ እንዳለ ይበቃል። መጠንቀቅ ያለብን ወይዘሮዋ «እስከ 22,000 ብር ድረስ እቀበላለሁ» የምትለውን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ እንዳታስገባ ነው። የመጨረሻ ዋጋዋን በሌላ ቁራጭ ወረቀት ለራሷ ትጽፈዋለች፤ ከየትኛው መደብ ላይ እንደምትለቅም ትወስናለች። ለምሳሌ ወለዱንና የጭነት ኪራዩን ልትለቅ ትችላለች፤ 20,000 ብሩን ግን አትነካም። መደቦቹ ተለያይተው ስለ ተጻፉ ድርድሩ «ትንሽ ቀንሺለት» ከሚል ልመና ወጥቶ የትኛው ይቅር ወደሚል ውይይት ይገባል። ይህ ለባለሙያውም ይጠቅመዋል፤ ስለ የትኛው ጥፋቱ ስንት እንደሚከፍል ያውቃልና።

ስምምነቱም ሲጻፍ ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ባለሙያው ገንዘቡን በቅርቡ ይመልሳል» የሚል ስምምነት ነገ ሌላ ክርክር ነው። ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሒሳብ፣ አንዱ ክፍያ ቢዘገይ ቀሪው ምን እንደሚሆን ተለይቶ ይጻፋል።

ከመፈረም በፊት

ጽሑፉ ከማለቁ በፊት የምናደርገውን ፈተና ነግሬአችሁ ላብቃ። ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው ዐሥሩን ተራ ቁጥሮች ብቻ እንሰጠዋለን፤ የዳኝነቱን ክፍል በወረቀት እንሸፍናለን። «ከዚህ ተነሥተህ ይህች ሴት ስንት ብር መጠየቅ ትችላለች?» እንለዋለን። ወለዱን ለማስላት የወለዱ ልክ 9 በመቶ መሆኑንና የሚታሰበውም እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. መሆኑን ብቻ እንነግረዋለን። እኛ ከደረስንበት ድምር ከደረሰ ጽሑፉ አልቋል። ካነሰ አንድ ፍሬ ነገር ሳንጽፍ ቀርተናል፤ ከበለጠ ደግሞ መጠየቅ የነበረብንን አንድ ነገር ረስተናል።

ያን የ2004 ዓ.ም. ጽሑፍ ለሌላ ሰው እንዲህ ሸፍኜ ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ በጣቱ ቆጥሮ 5,400 ብር ይለኝ ነበር። ይህን ፈተና ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ ወረቀትና ዐሥር ደቂቃ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ አሁን የእናንተ ተራ ነው።